የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው፤ ሲስተሙ ግን አያስገባም፦ ከአገር ውጭ ሆነው የመሥሪያ ቤት አካውንት ሲዘጋብዎት ምን ያደርጋሉ?

የይለፍ ቃልዎን በትክክል አስገብተዋል፤ ስልክዎ ላይ የመጣውንም ማረጋገጫ አጽድቀዋል። ኢሜይልዎ ይከፈታል ብለው ሲጠብቁ «You cannot access this right now» የሚል ገጽ ይመጣል። ከሥሩ ያለው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «Your sign-in was successful» ብሎ ይጀምራል። ማንነትዎ ተረጋግጧል፤ ነገር ግን ያሉበት ቦታ ወይም የያዙት መሣሪያ ኩባንያው ካስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ጋር አልገጠመም ማለት ነው።

ይህን የሚያደርገው ማይክሮሶፍት ኢንትራ በሚባለው የመግቢያ አገልግሎት ውስጥ ያለው ኮንዲሽናል አክሰስ ነው። የኩባንያው አይቲ ክፍል «እነዚህ ሠራተኞች፣ ይህን ፕሮግራም፣ ከዚህ ቦታ፣ በዚህ ዓይነት መሣሪያ ሊከፍቱ ሲሞክሩ ፍቀድ፣ ከልክል ወይም ተጨማሪ ነገር ጠይቅ» የሚሉ ደንቦችን ይጽፋል። ደንቦቹ የሚመዘኑት የይለፍ ቃሉ ከታለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ የይለፍ ቃል መቀየር፣ ዋይፋዩን ማጥፋትና ማብራት ወይም ኢትዮ ቴሌኮም ደውሎ መጠየቅ አይፈታውም። የሚፈታው የትኛው ቅድመ ሁኔታ እንደጎደለ ለይቶ፣ የጎደለውን ማሟላት ወይም ፈቃድ መጠየቅ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። ሜሪላንድ ውስጥ የምትሠራ አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ለእረፍት አዲስ አበባ መጥታለች እንበል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ከእናቷ ቤት ሆና ልትሠራ ከአለቃዋ ጋር ተስማምታለች። ሰኞ ጠዋት ኩባንያው የሰጣትን ላፕቶፕ ከፍታ ስትሞክር ያ ገጽ መጣባት።

1ኛ፦ ገጹን ሳይዘጉ ዝርዝሩን ይቅዱ

የብዙ ሰው የመጀመሪያ እርምጃ ገጹን ዘግቶ ደግሞ መሞከር ነው። አይዝጉት። ከታች «More details» የሚል ማያያዣ አለ፤ እሱን ሲጫኑ አጭር ዝርዝር ይወጣል። ለእርስዎ የሚጠቅሙት መስመሮች የሚከተሉት ናቸው።

- «Error code»፦ የተከለከሉበት ምክንያት ቁጥር።
- «Correlation Id»፦ የአይቲ ባለሙያው ይህን ሙከራ ከሺህ ሙከራዎች መካከል የሚያገኝበት መለያ።
- «Timestamp»፦ ሙከራው የተደረገበት ሰዓት።
- «IP address»፦ ሲስተሙ እርስዎን ያየበት የኢንተርኔት አድራሻ።
- «Device state»፦ ሲስተሙ መሣሪያዎን እንዴት እንዳወቀው።

ዝርዝሩን እንደ ጽሑፍ ይቅዱት። ፎቶ ብቻ ከላኩ የአይቲ ባለሙያው ያንን ረጅም መለያ በእጁ ሊገለብጥ ነው፤ አንድ ፊደል ከተሳተ ደግሞ ፍለጋው ባዶ ይሆናል።

ሰዓቱ ላይ ይጠንቀቁ። ከቁጥሩ መጨረሻ «Z» ካለ የተጻፈው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። የእኛ ባለሙያ የሞከረችው በአገር ቤት አቆጣጠር ከጠዋቱ 3:12 ላይ ነበር፤ ገጹ የመዘገበው 06:12 ነው፤ ሜሪላንድ ያለው የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ ያን ጊዜ በእሱ ሰዓት ከሌሊቱ 2:12 ላይ ተኝቷል። «3 ሰዓት ላይ ነው የሞከርኩት» ብላ ብትጽፍ ሙከራዋ የሚፈለገው በተሳሳተ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ሳይተረጉሙ ገጹ ላይ እንዳለ ይላኩት።

2ኛ፦ ጥፋቱ የመሣሪያ ነው ወይስ የቦታ?

ከዝርዝሩ ውስጥ ሁለት መስመሮች ብቻ አብረው ቢነበቡ አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ይሰጣሉ፤ ቁጥሩና የመሣሪያው ሁኔታ።

ቁጥሩ 53000 ወይም 530003 ከሆነ ጉዳዩ የመሣሪያ ነው። ኩባንያው በእሱ ቁጥጥር ሥር ያለና መስፈርቱን ያሟላ መሣሪያ ይፈልጋል፤ የእርስዎ ግን ወይ አልተመዘገበም፣ ወይ ተመዝግቦ መስፈርቱን አላሟላም። 53001 ከሆነም የመሣሪያ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከኩባንያው የውስጥ ኔትዎርክ ጋር የተቆራኘ እንዲሆን ተፈልጎ አልሆነም ማለት ነው።

53003 ሰፊ ነው። «ደንቡ ከልክሏል» ከማለት በቀር ለምን እንደከለከለ አይናገርም። ሆኖም ሌላው መስመር ይረዳል። ላፕቶፑ የኩባንያው ሆኖ «Device state» ላይ «Compliant» ተብሎ ከተጻፈ መሣሪያው ተቀባይነት አግኝቷል፤ ስለዚህ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ቦታው ነው። የባለሙያዋ ገጽ ያሳየው ይህንኑ ነበር፦ 53003፣ «Compliant»፣ የአይፒ አድራሻውም የአዲስ አበባው ቤት ዋይፋይ። ኩባንያዋ ከአሜሪካ ውጭ የሚመጣን መግቢያ ሁሉ ይዘጋል።

ሌላም ማጣሪያ አለ፤ አይቲ ክፍሉ ዘግቶት ካልሆነ በቀር mysignins.microsoft.com የሚለው ገጽ የራስዎን የቅርብ ጊዜ ሙከራዎች ከነአገራቸው ያሳያል። አዲስ አበባ ተቀምጠው ሙከራው ከሌላ አገር እንደመጣ ከተጻፈ ሲስተሙ ቦታዎን በተሳሳተ መንገድ እያነበበ ነው፤ ይህን ለአይቲ ክፍሉ መንገር ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

3ኛ፦ የመሣሪያ ጉዳይ ከሆነ

በጣም የተለመደው ነገር የኩባንያው ላፕቶፕ ራሱ «Unregistered» ተብሎ መታየቱ ነው። ሠራተኛው ይገረማል፤ ላፕቶፑ ላይ የኩባንያው ምልክት ተለጥፎበታልና። ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ብራውዘሩ ላይ ነው። መሣሪያው ማን እንደሆነ ለመግቢያ ገጹ የሚናገረው ብራውዘሩ ሲሆን አንዳንዱ ሳይናገር ይቀራል።

ስለዚህ መጀመሪያ በግል መስኮት፣ ማለትም ኢንኮግኒቶ ወይም ኢንፕራይቬት በሚባለው ውስጥ አለመሆንዎን ያረጋግጡ። ከዚያ ኤጅን ከፍተው በስተላይ ያለው ፕሮፋይል የሥራ አካውንትዎ እንጂ የግልዎ አለመሆኑን ይዩ። ክሮም የሚጠቀሙ ከሆነ «Microsoft Single Sign On» የሚባለው ተጨማሪ መኖር አለበት፤ ወይም አይቲ ክፍሉ ተመጣጣኙን ቅንብር ከማዕከል ማብራት አለበት። ፋየርፎክስ ላይ ደግሞ በቅንብሮቹ ውስጥ «Allow Windows single sign-on for Microsoft, work, and school accounts» የሚለው ምልክት ይደረግበታል። ብዙ ጊዜ በኤጅ መሞከር ብቻ ገጹን ይከፍተዋል፤ ከከፈተው ላፕቶፑ ደህና ነው፤ ጉድለቱ የብራውዘሩ ነበር።

በኤጅም እምቢ ካለ ዊንዶውስ ራሱ ስለ ምዝገባው ምን እንደሚል ይጠይቁት። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተው ይህን ይጻፉ።

```
dsregcmd /status
```

ረጅም ጽሑፍ ይወጣል፤ እርስዎ የሚፈልጉት ሁለት መስመር ነው።

```
AzureAdJoined : YES
AzureAdPrt : YES
```

የመጀመሪያው ላፕቶፑ ኩባንያው ዘንድ መመዝገቡን፣ ሁለተኛው እርስዎ አሁን በዚያ ምዝገባ ላይ ተመሥርተው መግባትዎን ያሳያል። የመጀመሪያው «YES» ሆኖ ሁለተኛው «NO» ካለ ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኙ ኮምፒውተሩን ቆልፈው በይለፍ ቃልዎ ይክፈቱት፤ ብዙ ጊዜ ይታደሳል። የመጀመሪያው «NO» ካለ ግን በራስዎ አይነካኩት፤ ውጤቱን ቀድተው ለአይቲ ክፍሉ ይላኩ።

ላፕቶፑ ተመዝግቦ «መስፈርቱን አላሟላም» የሚባልበትም ጊዜ አለ። የዲስክ ማመስጠሪያው መጥፋት፣ የዊንዶውሱ ማሻሻያ መዘግየት ወይም ጸረ ቫይረሱ አለመሥራት የተለመዱ ምክንያቶች ናቸው። ሌላው ምክንያት ዝምታ ነው። ኢንቱን የሚባለው የመሣሪያ መቆጣጠሪያ አንድ መሣሪያ ለተወሰነ ጊዜ ሪፖርት ካላደረገ መስፈርቱን እንዳላሟላ ይቆጥረዋል፤ አይቲ ክፍሉ ካልቀየረው በቀር ገደቡ 30 ቀን ነው። ላፕቶፑን ሻንጣ ውስጥ ትቶ አንድ ወር ዘመድ ሲጠይቅ የከረመ ሰው ሲከፍተው የሚገጥመው ይህ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ መሣሪያው እንደገና እንዲመዘን ማድረግ ነው። ካምፓኒ ፖርታል የሚባለውን ፕሮግራም ከፍተው፣ መሣሪያዎን መርጠው «Check access» ይጫኑ። የጎደለ ነገር ካለ እዚያው በስሙ ይጽፍልዎታል። ፕሮግራሙ ከሌለ በዊንዶውስ ቅንብሮች «Accounts»፣ ከዚያ «Access work or school» ገብተው የሥራ አካውንትዎን ይምረጡና «Info» ላይ «Sync» የሚለውን ይጫኑ። የጎደለው የዲስክ ማመስጠሪያ ከነበረ ካበሩት በኋላ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሱ፤ ያ ምርመራ የሚመዘገበው ኮምፒውተሩ ሲነሳ ስለሆነ ሳያስነሱ ቢጠብቁ ውጤቱ ላይቀየር ይችላል።

አሁን ወደ ሰው መሣሪያ እንምጣ። የወንድም ላፕቶፕ ወይም የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር መውጫ መንገድ መስሎ ይታያል። ደንቡ የሚመዘን መሣሪያ የሚፈልግ ከሆነ ግን አያስገባም። የባሰው ደግሞ ዊንዶውስ አንዳንዴ «Allow my organization to manage my device» የሚል ምልክት የተደረገበት ሳጥን ማምጣቱ ነው። ሳያነቡ «OK» ካሉ የወንድምዎ ላፕቶፕ ለእርስዎ ኩባንያ ቁጥጥር ሊመዘገብ ይችላል። በሰው መሣሪያ ላይ ይህን አይቀበሉ፤ «No, sign in to this app only» የሚል ምርጫ ካለ እሱን ይጫኑ።

የራስዎ ስልክ ከሆነ ነገሩ ይለያል። አንዳንድ ኩባንያ ሙሉ ምዝገባ ይጠይቃል፤ ሌላው ግን እንደ አውትሉክና ቲምስ ባሉ ፕሮግራሞች ውስጥ ያለውን የሥራ መረጃ ብቻ ይቆጣጠራል። ለሁለተኛው አንድሮይድ ላይ ካምፓኒ ፖርታል፣ አይፎን ላይ አውቴንቲኬተር መጫኑ በአብዛኛው ይበቃል። ኢንቱን ላይ የተመዘገበ ስልክ ለኩባንያው የስልኩን ሞዴልና የስርዓተ ክወናውን ዕትም ያሳያል፤ የጥሪ ታሪክዎን፣ የጽሑፍ መልእክትዎን፣ ፎቶዎንና በግል የጎበኟቸውን ድረ ገጾች ግን አያሳይም። በአንጻሩ ሙሉ ምዝገባ ለኩባንያው የሥራ መረጃን፣ እንደ አመዘጋገቡ ዓይነትም ስልኩን በሞላ የመሰረዝ ሥልጣን ሊሰጠው ይችላል። ከመስማማትዎ በፊት «የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ።

4ኛ፦ የቦታ ጉዳይ ከሆነ

ሲስተሙ የት እንዳሉ የሚያውቀው በአብዛኛው በአይፒ አድራሻ ነው። አድራሻው የየትኛው አገር እንደሆነ ከመዝገብ ያያል። ጥቂት ኩባንያዎች ከዚህ አልፈው በአውቴንቲኬተር በኩል የስልኩን ጂፒኤስ ይጠይቃሉ፤ ያን ጊዜ ስልክዎ ቦታዎን እንዲያጋራ ፈቃድ ካልሰጡት ትክክለኛው አገር ውስጥ ሆነውም ይከለከላሉ።

ይህን ሲያውቁ ሁለት ግራ የሚያጋቡ ነገሮች ይገለጣሉ። አንደኛው «ስልኬ ላይ ኢሜይሉ ይሠራል፤ ላፕቶፑ ላይ ግን አይሠራም» የሚለው ነው። በአሜሪካ ሲም ሮሚንግ ሲጠቀሙ ዳታው ብዙ ጊዜ ወደ አሜሪካው ኩባንያ ተመልሶ ከዚያ ስለሚወጣ አድራሻው የአሜሪካ ይመስላል፤ ላፕቶፑ ያለበት ዋይፋይ ግን የኢትዮጵያ ነው። ስልኩ ቀድሞ የተሰጠው ፈቃድ ጊዜው ሳያልፍ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ያ ሲያልፍ ወይም ሲስተሙ የአድራሻ ለውጥ ሲያይ ይዘጋል፤ ስለዚህ የስልኩ መሥራት የተፈቀደልዎ ማስረጃ አይደለም።

ሁለተኛው የኩባንያው ቪፒኤን ነው። «ቪፒኤኑን አብርቻለሁ፤ አሁንም ይከለክላል» የሚል ሰው አይሳሳትም። ብዙ ኩባንያዎች ቪፒኤናቸውን ሲያዋቅሩ የማይክሮሶፍት አገልግሎቶች ትራፊክ በቪፒኤኑ ሳያልፍ በቀጥታ እንዲሄድ ያደርጋሉ፤ ፍጥነት እንዳይቀንስ ነው። ስለዚህ የውስጥ ፋይሎች በቪፒኤን ሲከፈቱ መግቢያ ገጹ የሚያየው ያንኑ የአዲስ አበባ አድራሻ ነው። ቪፒኤኑን አብርተው ይሞክሩና በዝርዝሩ ላይ ያለው «IP address» ከበፊቱ ተቀይሮ እንደሆነ ይዩ። ካልተቀየረ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ማስተካከልም የሚችለው አይቲ ክፍሉ ብቻ ነው።

ከገበያ የሚገዛ ወይም በነጻ የሚወርድ ቪፒኤን ግን አይሞክሩ። የእነዚህ አገልግሎቶች አድራሻዎች በአብዛኛው ይታወቃሉ፤ መግቢያው «ስሙን የደበቀ አድራሻ» ተብሎ ይመዘገባል። ጠዋት ከአዲስ አበባ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከኒው ዮርክ መሞከርዎ ደግሞ አካውንቱ የተሰረቀ ያስመስለዋል። ያን ጊዜ አካውንቱ ሊታገድ ይችላል፤ በቀላል ጥያቄ ይፈታ የነበረው ጉዳይም ለደኅንነት ክፍሉና ለሰው ኃይል ማብራሪያ ወደ መስጠት ይሄዳል። አሜሪካ ላለ ባልደረባ የይለፍ ቃል ልኮ «ግባልኝ» ማለትም ከዚህ አይሻልም።

5ኛ፦ ጥያቄውን በትክክል ያቅርቡ

«አልገባ አለኝ፤ እርዱኝ» የሚል መልእክት ሦስት ጊዜ ያመላልሳል። የሰዓት ልዩነት ሲጨመርበት ሦስት መመላለስ ሦስት ቀን ነው። አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት በምትገፋባቸው ወራት ሜሪላንድ ላይ በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት 9 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ላይ በአገር ቤት አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው መልእክት ሙሉ ይሁን። ባለሙያዋ የላከችው ይዘት እንዲህ ነበር።

«ኢትዮጵያ ውስጥ ነኝ፤ እስከዚህ ቀን ድረስ ከዚህ እሠራለሁ። አለቃዬ ፈቅዷል፤ የፈቀደበት ኢሜይል ተያይዟል። ኩባንያው በሰጠኝ ላፕቶፕ ወደ አውትሉክ ስገባ 53003 ይላል፤ የመሣሪያው ሁኔታ ኮምፕላያንት ነው። መለያ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና የአይፒ አድራሻውን ከዚህ በታች ቀድቻለሁ። ለዚህ ጊዜ ብቻ ከአገር ደንቡ ነጻ እንድሆን እጠይቃለሁ።»

መልእክቱ ሲደርስ የአይቲ ባለሙያው በመግቢያ መዝገቡ ላይ በመለያ ቁጥሩ ይፈልጋል፤ «Conditional Access» የሚለውን ክፍል ከፍቶ የትኛው ደንብ «Failure» እንዳለ በስሙ ያያል። ከዚያ ሠራተኛዋን ለተጓዦች በተዘጋጀ ቡድን ውስጥ ከነማብቂያ ቀኑ ያስገባታል፤ ቡድኑ ከአገር ደንቡ ብቻ የተገለለ ነው። ይህ መዝገብ ለዘላለም አይቀመጥም፤ በአብዛኛው ከ30 ቀን በኋላ ይጠፋል። ስለዚህ ከሁለት ወር በፊት የተቀዳ ዝርዝር ሳይሆን የዛሬውን ይላኩ።

የባለሙያዋ ላፕቶፕ በማግሥቱ ገባ። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሲያልቅባት በወንድሟ ላፕቶፕ ሞከረች፤ አሁን ደግሞ 53000 መጣ። «ፈቅደውልኝ አልነበረም?» ብላ ብትጠይቅ አያስገርምም። ነገር ግን ደንቦች በተናጠል ይመዘናሉ፤ ለመግባት የሚመለከትዎትን ሁሉ ማለፍ ያስፈልጋል። ከአገር ደንቡ ነጻ መሆን ከመሣሪያ ደንቡ ነጻ አያደርግም፤ መሆንም የለበትም። በባዕድ አገር ዋይፋይ ላይ የሚሠራ ሰው ላፕቶፑ የታወቀ መሆኑ ለኩባንያው የቀረው መተማመኛ ነው። ለእሷ የሚበጀው ባትሪው እስኪሞላ መጠበቅ ነበር።

6ኛ፦ ከመሄድዎ በፊት

ጉዞ ካሰቡ ጥያቄውን ከቢሮ ሆነው፣ ከጉዞው ሳምንታት አስቀድመው ያቅርቡ፤ ትራንዚት የሚያደርጉበት አገር ላይም ሥራ ሊከፍቱ ከሆነ ዱባይንም ሆነ ፍራንክፈርትን በጥያቄው ውስጥ ይጥቀሱ። ላፕቶፑን ማሻሻያዎቹን ጭነው አንዴ ያስነሱት። አውቴንቲኬተር ያለበትን ስልክ ይዘው ይሂዱ፤ ማረጋገጫዎ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚመጣ ከሆነ ሲሙን ሲቀይሩ አይደርስዎትም።

የእርዳታ ክፍሉን ስልክ ቁጥር በወረቀት ወይም በግል ስልክዎ ላይ ይጻፉ። የእርዳታ መጠየቂያው ድረ ገጽ በአብዛኛው በዚያው መግቢያ የተዘጋ ስለሆነ በችግሩ ጊዜ እሱም አይከፈትም።

ኩባንያው «አይቻልም» ሊልም ይችላል። ከተወሰነ አገር መሥራት የግብር፣ የቅጥር ውል ወይም የደንበኛ መረጃ ጥያቄ ስለሚያስነሳ ውሳኔው ሁልጊዜ የአይቲ ክፍሉ አይደለም፤ እዚያ መከራከር አይጠቅምም። ጉዳዩን ለአለቃዎና ለሰው ኃይል ያቅርቡ፤ መልሱ ያው ከሆነ ቀኖቹን በእረፍት ያስመዝግቡና ተተኪ ሰው ቀድመው ያሳውቁ። ይህን ከትኬት በፊት ማወቅ አዲስ አበባ ከደረሱ በኋላ ከማወቅ ይረክሳል።